ደቻቱ ዳር የቆመ ኮንቴይነር ቤት ነው ወይ? አንድ አንቀጽ በሦስት አነባበብ

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያውቃል። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ከተማዋ ላይ ዝናብ መጣሉን አይጠብቅም። በስተደቡብ ካለው የሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው በአንዴ ተሰብስቦ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጎርፉ የመጣው በሌሊት ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አሁን አንድ ነገር እንገምት። የአስተዳደሩ ምክር ቤት ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣ እንበል። ሕጉን የፈጠርኩት ለማስረዳት ስል ነው፤ ጋዜጣ ላይ አትፈልጉት። አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦

“ማንኛውም ሰው ከደቻቱ ወንዝ ዳር በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ ቤት መሥራት አይችልም። ይህን ተላልፎ የተሠራ ቤት ይፈርሳል፤ የሠራውም ሰው በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል።”

ሲያነቡት ግልጽ ነው። ማንም ሰው “ገብቶኛል” ይላል። አሁን አራት ሰዎችን ይዤ ልምጣ።

አንደኛዋ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ናት። የመርከብ ኮንቴይነር ገዝታ፣ በክሬን አስጭና፣ ከወንዙ ዳር 20 ሜትር ላይ አስቀመጠችው። በርና መስኮት አስቆርጣለታለች። ቀን ቀን ሸቀጥ ትሸጥበታለች፣ ማታ ቆልፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሁለተኛው አሸዋው መሀል የብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ነው። ቦታው ላይ የወንዙ ስፋት 70 ሜትር ነው እንበል፤ ቤቱ ከሁለቱም ዳር 35 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ሦስተኛው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ከወንዙ ዳር 10 ሜትር ላይ የዘበኛ ክፍል የሠራ የሰፈር ኮሚቴ ነው። ዘበኛው ክረምት ክረምት እዚያ እያደረ፣ ውሃው ሲነሳ ፊሽካ ይነፋል። አራተኛው ጓሮውን ለማስከበር ከወንዙ ዳር 15 ሜትር ላይ ረጅም የድንጋይ አጥር የገነባ ሰው ነው። አጥሩ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ግቢ ይመልሰዋል።

ደንብ አስከባሪዎች አራቱንም ከሰሱ። ዳኛዋ ፊት የቀረበው ያው አንድ አንቀጽ ነው።

ቃሉ ምን ይላል?

የመጀመሪያው መንገድ ቃል በቃል ማንበብ ነው። ሕግ አውጪው ሊል የፈለገውን በቃላት ተናግሯል፤ ዳኛ ሥራው የተጻፈውን ተራ ትርጉም መስጠት ነው፤ ውጤቱ ደስ አለንም አላለንም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መዝገበ ቃላት ገልጦ መፍረድ ይመስለዋል። አይደለም። ቃል በቃል ማንበብም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሕጉ የትርጓሜ አንቀጽ ይታያል፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ አንቀጽ 2 ላይ ይገኛል። እዚያ “ቤት ማለት…” የሚል ካለ ክርክሩ በአብዛኛው አለቀ። ከሌለ፣ ያው ቃል በሌሎቹ አንቀጾች ውስጥ እንዴት እንደገባ ይታያል። ለምሳሌ አንቀጽ 9 ላይ “ቤት፣ መጋዘን ወይም ሱቅ” የሚል ካለ፣ ሕግ አውጪው ቤትንና ሱቅን ለይቶ ያያል ማለት ነው። ያም ከሌለ ወደ ተራው ሰው አነጋገር ይኬዳል።

በእኛ አንቀጽ ላይ የትርጓሜ አንቀጹ ስለ ቤት ምንም አይልም እንበል። ስለዚህ ነጋዴዋ ትከራከራለች። “አቦ፣ ኮንቴይነር ቤት ነው እንዴ? ነገ በክሬን አንስቼ ብወስደው ማን ይከለክለኛል?” ክርክሯ ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1130 መሬትንና ሕንፃን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይላቸዋል። መሠረት የሌለው፣ ተነስቶ የሚሄድ ነገር እዚያ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ሌላም ቃል አላት። አንቀጹ የሚከለክለው “መሥራት”ን ነው። እሷ አልሠራችም፤ የተሠራ ገዝታ አስቀመጠች።

ዐቃቤ ሕጉም ያንኑ መንገድ ይዞ ይመጣል። ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ በር አለው፣ ቁልፍ አለው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው “ቡና ቤት”፣ “ምግብ ቤት”፣ “ሻይ ቤት” ሲል ማንም ያድርበታል ማለቱ አይደለም። ሰው ገብቶ የሚሠራበት የተከደነ ቦታ ቤት ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱም ወገኖች ቃሉን ብቻ ነው የያዙት። ሁለቱም አማርኛ አላጣመሙም። ቃል በቃል ማንበብ ጥሩ የሚሠራው ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ሲኖረው ነው። ቃሉ ሁለት ሲሆን “እኔ ጽሑፉን ነው የተከተልኩት” የሚል ዳኛ አንዱን ትርጉም የመረጠበትን ምክንያት እየነገረን አይደለም። ፍርድ ስታነቡ ይህን ፈልጉ። “ቃሉ ግልጽ ነው” ተብሎ በሚቀጥለው አንቀጽ ላይ ግን የተከራካሪው የተለየ ንባብ በረጅሙ ከተስተባበለ፣ ቃሉ ግልጽ አልነበረም።

ሌሎቹን በዚሁ ዓይን እንያቸው። አጥሩ በማንም አነጋገር ቤት አይባልም፤ ባለቤቱ በነፃ ይሄዳል። የኮሚቴው የዘበኛ ክፍል ቤት ነው፤ “ማንኛውም ሰው” የሚለውም ኮሚቴውን ይይዛል፤ ይፈርሳል፣ ይቀጣል። አሸዋው መሀል የሠራው ሰውዬ ደግሞ ከዳሩ 35 ሜትር ነው ያለው። 30 ሜትር ውስጥ አይደለም። ነፃ።

የሰው ሕይወት ለማዳን የተሠራው ክፍል ፈርሶ ጎርፉ መሀል የተሠራው ቤት ይቆማል ማለት ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይምሰላችሁ። በ1868 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በሟች ሰው ስም ድምፅ የሰጠ ተከሳሽ ቀርቦለት ነበር። ሕጉ የሚከለክለው “ድምፅ የመስጠት መብት ያለውን ሰው” መስሎ መቅረብን ነበር። ፍርድ ቤቱ ሟች ድምፅ የመስጠት መብት የለውም አለና ተከሳሹን ለቀቀው። ዋይትሊ በቻፔል ላይ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለተማሪዎች የሚነገረው ቃል በቃል ማንበብ የት ድረስ እንደሚወስድ ለማሳየት ነው።

እንዲህም ሆኖ ይህን መንገድ አቅልዬ አላየውም። ነጋዴዋ ኮንቴይነሩን ከመግዛቷ በፊት በእጇ የነበረው የሕጉ ጽሑፍ ብቻ ነው። በምክር ቤቱ አባላት ልብ ውስጥ የነበረውን ልታውቅ አትችልም። ሰው በማያውቀው ነገር እንዳይቀጣ የሚጠብቀው መጀመሪያ ይኸው ጽሑፍ ነው።

ወርቃማው ደንብ

ሁለተኛው መንገድ ወርቃማው ደንብ ይባላል። ከጽሑፉ ይነሳል፤ የቃሉን ተራ ትርጉም ይይዛል። ነገር ግን ያ ትርጉም ጤነኛ ሰው ሊቀበለው ወደማይችል ውጤት የሚወስድ ከሆነ፣ ወይም ከቀረው የሕጉ ክፍል ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ቃሉን ያን ውጤት ለማስቀረት በሚበቃው ልክ ማለዘብ ይፈቅዳል። በ1857 እ.ኤ.አ. ሎርድ ዌንስሊዴል ግሬይ በፒርሰን ላይ በተባለው ጉዳይ ይህን ሲያስቀምጡ አንድ ገደብ አክለዋል፤ ከዚያ አልፎ መሄድ የለም ብለዋል። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ገደብ ነው። ወርቃማው ደንብ ዳኛው ሕጉን እንዲያሻሽል ፈቃድ አይሰጥም።

አሸዋው መሀል ወደሠራው ሰውዬ እንመለስ። ጠበቃው ሜትር ይዞ ይመጣል። ከግራ ዳር 35፣ ከቀኝ ዳር 35። አንቀጹ 30 ነው የሚለው። ልኬቱ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? ከውሃው 29 ሜትር ርቆ ደረቅ መሬት ላይ የሠራ ይቀጣል፤ ውሃው ራሱ የሚሄድበት ላይ የሠራ አይቀጣም። ይህን ያሰበ ምክር ቤት ሊኖር አይችልም።

ቅርብ ምሳሌ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድለር በጆርጅ ላይ በተባለው ጉዳይ፣ የእንግሊዝ ሕግ “በተከለከለ ቦታ አካባቢ” የጦር ኃይል አባልን ሥራ ማደናቀፍን ወንጀል ያደርግ ነበር። ተከሳሹ ያደናቀፈው የአየር ኃይል ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ነው። ክርክሩም “እኔ ውስጥ ነበርኩ እንጂ አካባቢው አልነበርኩም” የሚል ሆነ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። “አካባቢ” የሚለው “በውስጥም ሆነ በአካባቢው” ተብሎ ይነበባል አለ። አጥር ውጭ ያለው ተቀጥቶ አጥር ውስጥ ያለው የሚለቀቅበት ሕግ ትርጉም የለውምና።

የእኛም ዳኛ “ከወንዙ ዳር በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ” የሚለውን “ወንዙን ጨምሮ ከዳሩ እስከ 30 ሜትር ድረስ” ብላ ታነበዋለች። ቃሉ ይህን መሸከም ይችላል። ሰው “ከአስፋልቱ 30 ሜትር ውስጥ እንዳትቆሙ” ሲባል አስፋልቱ መሀል ሄዶ አይቆምም። ስለዚህ ቤቱ ይፈርሳል።

ግን ልብ በሉ፣ ወርቃማው ደንብ ለነጋዴዋ ብዙም አይጠቅምም። ኮንቴይነሩ ቤት ነው ብንል ውጤቱ ጤነኛ ነው፤ አይደለም ብንልም ጤነኛ ነው። የትኛውም ንባብ ሰውን “እንዴት ሊሆን ይችላል?” አያሰኝም። ይህ ደንብ የሚነቃው አንዱ ንባብ በግልጽ ሲበላሽ ብቻ ነው። ሁለቱም ደህና ሲሆኑ አይመርጥም። ጠበቆች ደግሞ ለደንበኛቸው የማይመች ውጤትን ሁሉ “ሊሆን የማይችል” ማለት ይወዳሉ። ከባድ ውጤትና ሊሆን የማይችል ውጤት የተለያዩ ናቸው። የነጋዴዋ ኮንቴይነር ቢነሳ ለእሷ ከባድ ኪሳራ ነው፤ ሕጉን ትርጉም አልባ ግን አያደርገውም።

የዘበኛው ክፍልስ? እዚህ ላይ የሕግ ሰዎች ይለያያሉ። ሕይወት የሚያድነውን ክፍል ሕይወት ለማዳን በወጣ ሕግ ማፍረስ ሊሆን የማይችል ውጤት ነው የሚል አለ። እኔ እዚህ ደንቡን ባልዘረጋው እመርጣለሁ። ምክር ቤቱ ምንም ዓይነት ቤት እንዳይኖር፣ የዘበኛም ቢሆን፣ አስቦ ሊሆን ይችላል። ዘበኛውም እኮ እዚያ ያድራል፤ ውሃው ለእሱም ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው “ውጤቱ እብደት ነው ወይ?” ሳይሆን “ሕጉ የወጣው ለምንድን ነው?” ወደሚል ይሸጋገራል።

ሕጉ የወጣው ለምንድን ነው?

ሦስተኛው መንገድ ዓላማ ተኮር አተረጓጎም ነው። ሥሩ ሩቅ ነው። በ1584 እ.ኤ.አ. በሃይደን ጉዳይ የእንግሊዝ ዳኞች አራት ጥያቄ አስቀመጡ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነባሩ ሕግ ምን ነበር? ነባሩ ያላስተካከለው ችግር ምን ነበር? ሕግ አውጪው ምን መድኃኒት አዘዘ? የመድኃኒቱ እውነተኛ ምክንያትስ ምንድን ነው? ዳኛ ችግሩን የሚያፍን፣ መድኃኒቱን የሚያራምድ ንባብ ይምረጥ አሉ። የዛሬው ዓላማ ተኮር አተረጓጎም ከዚያ የሰፋ ነው፤ የሚጠይቀው የድሮውን ክፍተት ብቻ ሳይሆን ሕጉ በጠቅላላ ሊያሳካ የተነሳበትን ነው።

ለእኛ ይህ የሰው አገር ወሬ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 ፍርድ ቤት ሕግ ከመተርጎም እንደማይከለከል ይናገራል። አጠራጣሪ ሲሆን ሕጉን እንደ መንፈሱ፣ ሕግ አውጪው ባሰበው መሠረት፣ የታለመውን ግብ እንዲመታ አድርጎ ይተርጉም ይላል። አንቀጽ 3 ደግሞ የወንጀል ሕጉ አጠቃላይ መርሆዎች ቅጣት ላላቸው ሌሎች ሕጎችና ደንቦችም እንደሚሠሩ ይገልጻል፤ እነዚያ ሕጎች በግልጽ ሌላ ካላሉ በቀር። የእኛ አንቀጽ 7 መቀጮ አለው። ስለዚህ ዳኛዋ ዓላማን የመጠየቅ ፈቃዷን ያገኘችው ከራሳችን ሕግ ነው። “አጠራጣሪ ሲሆን” የሚለውን ግን አትዝለሉት። ዓላማው የሚጠራው ቃሉ ሲያጠራጥር ነው እንጂ ግልጹን ለመሻር አይደለም።

ዓላማ ከየት ይገኛል? ከዳኛዋ ስሜት አይደለም። የመጀመሪያው ቦታ የሕጉ መግቢያ ነው፤ ያ “ስለሆነ”፣ “በማስፈለጉ” እያለ የሚሄደው ክፍል፣ ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው። ቀጥሎ ዓላማን የሚናገር አንቀጽ ካለ እሱ። ቀጥሎ ሕጉ ሲረቀቅ የተዘጋጀ ማብራሪያ። የወንጀል ሕጉ ለምሳሌ ሐተታ ዘምክንያት አለው። የምክር ቤት ቃለ ጉባኤም ሊረዳ ይችላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፣ አንድ አባል የተናገረው ምክር ቤቱ ያጸደቀው አይደለምና።

አሁን የነጋዴዋ ጉዳይ ሕይወት ይዘራል። መግቢያው እንዲህ ይላል እንበል፦ “በሌሊት በሚመጣ ጎርፍ ምክንያት በወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን ሕይወት ከአደጋ መጠበቅ በማስፈለጉ።” ይህ ከሆነ የሕጉ ጭንቀት የሚኖር ሰው፣ የሚተኛ ሰው ነው። “ቤት” የሚለው ቃል መኖሪያ ወደሚለው ትርጉሙ ያዘነብላል። ነጋዴዋ አታድርበትም። ነፃ ትወጣለች።

መግቢያው ግን “የደቻቱ ወንዝ የጎርፍ ውሃ ያለእንቅፋት እንዲያልፍ ማድረግ በማስፈለጉ” የሚል ከሆነስ? ነገሩ ይገለበጣል። ኮንቴይነር ውሃ ሲያነሳው ይንሳፈፋል፤ ሄዶ ድልድይ ሥር ይሰነቀራል፤ ውሃውን ወደ ሰፈር ይመልሰዋል። መሠረት የሌለው መሆኑ፣ ያ የነጋዴዋ ትልቁ ክርክር፣ እዚህ ይባስ ይጎዳታል። ሰው ያድርበት አይደርበት ለውሃው ለውጥ የለውም። “ቤት” የሚለው ሰፋ ብሎ ይነበብና ኮንቴይነሩ ይነሳል።

ዓላማ ተኮር አተረጓጎም የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሕግ ብዙ ጊዜ አንድ ዓላማ ብቻ የለውም። ዓላማውን ከፍ አድርገን “የሕዝብ ደኅንነት” ብንለው ሁሉን ነገር ይይዛል፤ የጎዳና ቡና ጀበና ሳይቀር። ዝቅ አድርገን “በሌሊት የሚተኙ ሰዎች” ብንለው ጠቦ ይቀራል። ዳኛዋ ዓላማውን በየትኛው ከፍታ እንደያዘችው ካልነገረችን፣ ውሳኔው ከሕጉ ይምጣ ከእሷ አናውቅም። ጥሩ ፍርድ “የሕጉ ዓላማ ይህ ነው” ብሎ አያበቃም፤ “ይህን ያገኘሁት ከመግቢያው ሁለተኛ መስመር ነው” ይላል። መግቢያው ሁለቱንም ዓላማ ይዞ ከመጣ ደግሞ፣ ሁለቱንም የማያሰናክለውን ንባብ መፈለግ አለባት። ለኮንቴይነሩ ያ ንባብ ማንሳት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ነፃ ብትለቀው አንደኛው ዓላማ ይሰናከላል፣ ብታስነሳው ግን የትኛውም አይሰናከልም።

የዘበኛው ክፍል በመጀመሪያው መግቢያ ጥሩ ዕድል አለው። ክፍሉ የሚጠብቀው ያንኑ ሕይወት ነው፤ አዳሪውም ነቅቶ ለመጠበቅ የተቀመጠ ሰው ነው። “ቤት” የሚለው “መኖሪያ ቤት” ተብሎ ከጠበበ ክፍሉ ከክልከላው ይወጣል። በሁለተኛው መግቢያ ግን እንቅፋት እንቅፋት ነው። ኮሚቴው ክፍሉን 31ኛው ሜትር ላይ መሥራት ነበረበት።

አጥሩና ድንበሩ

አሁን አራተኛው ሰው ቀረ። መግቢያው ስለ ውሃ መተላለፊያ የሚናገር ከሆነ፣ ከአራቱ ሁሉ ዓላማውን በግልጽ የሚያሰናክለው የእሱ አጥር ነው። ኮንቴይነሩ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ አጥሩ ግን ዛሬውኑ ውሃ ይመልሳል። ዓላማን ብቻ ለሚያይ ሰው እሱን ከመቅጣት የቀለለ ነገር የለም።

ዳኛዋ ግን አትችልም። አጥር ቤት አይደለም። ቃሉ ቢጎተት ቢጎተት እዚያ አይደርስም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 3 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። “አጥር ውሃ ስለሚያግድ እንደ ቤት ነው” ማለት ማመሳሰል ነው። ኮንቴይነር ቤት ነው ማለት ግን መተርጎም ነው፤ ቃሉ ከሚይዛቸው ትርጉሞች አንዱን መምረጥ ነውና። ድንበሩ ይህ ነው፤ ቃሉ ሊሸከመው የሚችለው ውስጥ ከሆንን ዓላማ ይመርጥልናል፤ ከዚያ ከወጣን ዓላማው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሥራው የምክር ቤቱ ነው። አሸዋው መሀል የሠራው ሰውዬ ጉዳይም የተፈታው በዚሁ መለኪያ ነው። “ዳር” የሚለውን ወንዙን ጨምሮ ማንበብ ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። አንቀጽ 7 ሁለት ውጤት አለው፤ ማፍረስና መቀጮ። አንዳንዱ ጠበቃ “ለማፍረሱ ሰፋ አድርገን፣ ለመቀጮው ጠበብ አድርገን እናንብበው” ይላል። ልብ ይማርካል፤ ነጋዴዋ ኮንቴይነሩን ታነሳለች፣ ግን አትቀጣም። ችግሩ አንቀጹ “ቤት” የሚለውን ለሁለቱም በአንድ ትርጉም ነው የተጠቀመበት። አንድ ቃል በአንድ አንቀጽ ውስጥ በጠዋቱ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤት ያልሆነ ሊሆን አይገባም። ለነጋዴዋ ማዘን ከተፈለገ ቦታው ቅጣቱን መመዘኑ ላይ ነው። ኮንቴይነር ቤት መሆኑን እንድታውቅ የሚያደርጋት ነገር አልነበረም፤ መቀጮው ሲለካ ያ ይታይላት።

የአጥሩ ጎረቤት ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለንብረት በመብቱ ሲጠቀም ከልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ውሃ የተመለሰበት ሰው በዚያ ከሶ አጥሩ እንዲስተካከል ወይም ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 7ን መለጠጥ ሳያስፈልግ።

ተራው ዜጋ ምን ያድርግ?

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ ደንብ አስከባሪው የጠቀሰውን አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ሕግ ያግኝ። መግቢያውንና አንቀጽ 2ን ያንብብ። ክርክሩን ሲጽፍ ከጽሑፉ ይጀምር፤ “ኮንቴይነር ቤት አይደለም፣ ምክንያቱም…” ብሎ። ቀጥሎ “ቢሆን እንኳ የሕጉ ዓላማ ይህ ነው፣ የእኔ ጉዳይ ከዚያ ውጭ ነው” ይበል። ዓላማን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ዳኛን “ታዲያ ጽሑፉስ?” ያሰኛል።

በሥር ፍርድ ቤት ያልተሳካለት ይግባኝ አለው። ነገሩ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው የሚባል ከሆነ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 የገባ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይዞታል። ስለዚህ ሰበር አንዴ “ኮንቴይነር ቤት ነው” ካለ፣ ለሚቀጥለው ነጋዴ ክርክሩ አብዛኛው አልቋል። በየቅጹ የሚታተሙትን የሰበር ውሳኔዎች ሳያዩ ክስ መግጠም ጊዜና ገንዘብ ያስፈጃል።

ምክር ቤቱስ? አንቀጹን እንደገና ቢጽፈው እንዲህ ሊል ይችል ነበር፦ “በደቻቱ ወንዝ ውስጥና ከሁለቱም ዳር እስከ 30 ሜትር ድረስ የጎርፍ ውሃን ሊያግድ የሚችል ማናቸውንም ግንባታ መሥራት፣ ወይም ቋሚም ሆነ ተንቀሳቃሽ መጠለያ፣ ሱቅ ወይም ዕቃ ማስቀመጥ የተከለከለ ነው፤ በአስተዳደሩ ፈቃድ የሚሠራ የጎርፍ መከላከያና ማስጠንቀቂያ አይጨምርም።” አራቱም ጉዳዮች መልስ አገኙ። ዳሩ ከየት ይለካል የሚለው ግን ገና አልተነካም፤ በየክረምቱ አሸዋው ይሄዳል፣ ዳሩም አብሮ ይሄዳል። እኔ ብሆን ቋሚ የድንበር ምልክት እንዲተከልና ልኬቱ ከምልክቱ እንዲጀምር አንድ ንዑስ አንቀጽ እጨምር ነበር።